ፐብሊኩንና ፕራይቬቱን ኔትወርክ ለይቶ የሚያሳይ የክላውድ ዲያግራም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ሐዋሳ ነው። ለሆቴሎች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ አንዳንዴም ለነጋዴዎች ሲስተም ክላውድ ላይ እናስቀምጣለን፤ ዲያግራም የመሣሉ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ እኔ ላይ ይወድቃል። አዲስ ሥራ የጀመሩ ልጆች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ምሳሌዬ እስከ መጨረሻው አንድ ነው፦ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ እንግዶች ክፍል የሚይዙበት ድረ ገጽ። ክላውዱ ኤደብሊውኤስ፣ ሪጅኑ ኬፕታውን። ሌላ ክላውድ ለምትጠቀሙ ታች ላይ አጭር መልስ አለ።

## አንድን ሰብኔት ፐብሊክ ወይም ፕራይቬት የሚያሰኘው ምንድን ነው? ስሙ ነው?

አይደለም። ስም ማንም የፈለገውን ይሰጣል። private ብላችሁ የሰየማችሁት ሰብኔት ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የሚለየው ራውት ቴብሉ ነው። ሰብኔቱ የሚጠቀምበት ራውት ቴብል ላይ 0.0.0.0/0ን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ የሚልክ መስመር ካለ ሰብኔቱ ፐብሊክ ነው። ያ መስመር ከሌለ ፕራይቬት ነው። በቃ። ፐብሊክ ሰብኔት ውስጥ ያለ ሰርቨር ከውጭ እንዲደረስበት ደግሞ የራሱ ፐብሊክ አይፒ ያስፈልገዋል፣ ሴኩሪቲ ግሩፑም መፍቀድ አለበት፤ የሰብኔቱን ዓይነት የሚወስነው ግን መንገዱ ነው።

ሳሎንና ጓዳ ያለው ቤት አስቡ። እንግዳ በዋናው በር ገብቶ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጓዳ አይገባም። ጓዳ ያለው ሰው ስኳር ቢያልቅበት ልጅ ይልካል፣ ልጁም ከሱቅ ያመጣለታል። ባለሱቁ ግን ልጁን ተከትሎ ጓዳ ዘው አይልም። ክላውድ ላይ የዚያን ተላላኪ ልጅ ሥራ የሚሠራው ናት ጌትዌይ፣ በእንግሊዝኛ NAT gateway የሚባለው ነው።

ስለዚህ እኔ ዲያግራም ከመሣሌ በፊት የማየው የሰርቨሮቹን ዝርዝር ሳይሆን ራውት ቴብሎቹን ነው። የሎጁ ይህን ይመስላል፦

```
public-rt
10.20.0.0/16   local
0.0.0.0/0      igw

app-rt-a
10.20.0.0/16   local
0.0.0.0/0      nat-a

data-rt
10.20.0.0/16   local
```

ሦስተኛውን አያችሁት? ዳታቤዙ ያለበት ሰብኔት ወደ ውጭ የሚወስድ መንገድ ጭራሽ የለውም። ዳታቤዝ ከኢንተርኔት ምን ይፈልጋል? ተላላኪም አያስፈልገውም። ዲያግራሙ ላይ እነዚህን ሁለት ፕራይቬት ሰብኔቶች አንድ ዓይነት አድርጎ መሣል ትክክል አይደለም፤ አንዱ በተላላኪ የሚወጣ፣ ሌላው የማይወጣ መሆኑ መታየት አለበት።

## ከየት ልጀምር?

ከሳጥኖቹ። አይከን ለመጎተት አትቸኩሉ።

ከውጭ ወደ ውስጥ ሂዱ፦ መጀመሪያ የሪጅኑ ሳጥን፣ ላዩ ላይ af-south-1 ተብሎ ይጻፍበት። ውስጡ ቪፒሲው፣ 10.20.0.0/16። ከዚያ ሁለት ዓምድ፣ ለሁለት አቬይለቢሊቲ ዞን። ኬፕታውን ሦስት ዞን አለው፣ ለሎጁ ሁለቱ ይበቃሉ፤ የማትጠቀሙበትን ሦስተኛ ግን ለጌጥ አትሣሉት። ከዚያ ሦስት ረድፍ፦ ላይኛው ፐብሊክ፣ መካከለኛው የአፕሊኬሽን፣ ታችኛው የዳታቤዝ። ሦስት ረድፍ በሁለት ዓምድ ስድስት ሰብኔት ይሆናል።

አድራሻውንም ረድፉን ተከትላችሁ ስጡ። ፐብሊኮቹ 10.20.0.0/24 እና 10.20.1.0/24፣ የአፕሊኬሽኑ ከ10፣ የዳታቤዙ ከ20 ይጀምሩ፦ 10.20.10.0/24፣ 10.20.20.0/24 እያለ። ይህን ካደረጋችሁ ሎግ ላይ 10.20.20 የሚል ያየ ሰው ዲያግራሙን ሳይከፍት ዳታቤዝ ነው ይላል። በነገራችን ላይ አንድ /24 ውስጥ 256 አድራሻ ቢኖርም ኤደብሊውኤስ ከእያንዳንዱ ሰብኔት አምስቱን ለራሱ ይይዛል፣ የሚተርፋችሁ 251 ነው።

ኢንተርኔት ጌትዌዩ ከሰብኔት ውስጥ አይቀመጥም። የቪፒሲው ነው፣ ስለዚህ በቪፒሲው ሳጥን ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ይሣላል፣ ልክ እንደ ግቢ በር። ሎድ ባላንሰሩ ደግሞ በሁለቱም ዞን ፐብሊክ ሰብኔት ውስጥ እግር አለው። እኔ አንድ አይከን በሁለቱ ዓምዶች መሐል አስቀምጬ ወደ ሁለቱም እዘረጋዋለሁ። ሁለት አይከን ካስቀመጣችሁ አንባቢው ሁለት ሎድ ባላንሰር ተገዝቷል ብሎ ያስባል፤ የበጀት ሰው ካየው ደግሞ ስልክ ይደውላል።

## ናት ጌትዌይን የት ልሣለው? ፕራይቬቶቹን ስለሚያገለግል እዚያው ውስጥ አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ዲያግራም ስሠራ ናት ጌትዌዩን የአፕሊኬሽን ሰብኔቱ ውስጥ ጣል አደረግኩት። ቦታው ባዶ ነበር፣ ለዓይን ያምር ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሲስተሙን የሚያቆመው ልጅ ደግሞ ታማኝ ነው፤ እንደተሣለው ሠራው። ሁሉም አይከን አረንጓዴ፣ ሁሉም "Available" ይላል። ሰርቨሩ ላይ ግን `apt update` ሲባል ዝም። ስህተት እንኳን ወዲያው አያወጣም፤ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጊዜው አለፈ ይላል። ግማሽ ቀን ሙሉ ሴኩሪቲ ግሩፕ ስንነካካ ዋልን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተላላኪው ልጅ ራሱ ጓዳ ተቆልፎበታል። የሰርቨሩ ፓኬት ወደ ናት ጌትዌይ ይሄዳል፤ ናት ጌትዌዩ ደግሞ ለመውጣት የራሱን ሰብኔት ራውት ቴብል ያያል፤ እሱ ላይ የተጻፈው 0.0.0.0/0 ወደ ናት ጌትዌይ ሂድ የሚል ነው። ወደ ራሱ! መውጫ የለም።

ስለዚህ የተለመደው፣ በአንድ ዞን ተቀምጦ ኢንተርኔት የሚያደርሰው ናት ጌትዌይ ቦታው ፐብሊክ ሰብኔት ውስጥ ነው። ቀስቱ ከፕራይቬቱ ሰርቨር ተነስቶ የሰብኔቱን ድንበር አቋርጦ ወደ ናት፣ ከናት ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ ይሄዳል። ያ ድንበር ሲቋረጥ ሥዕሉ ላይ መታየት አለበት፤ ዋናው መልእክት እሱ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ለሁለት ዞን አንድ ናት ብቻ ከተጠቀማችሁ (ናት በሰዓትም፣ በሚያልፍበት ዳታ መጠንም ስለሚያስከፍል ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል) እንደዚያው ሣሉት። አንድ አይከን፣ ከሁለተኛው ዞን የሚመጣ ቀስት ደግሞ ዓምዱን ሲያቋርጥ። አምሮ እንዲታይ ብላችሁ ሁለት አትሣሉ። የመጀመሪያው ዞን ቢወድቅ የሁለተኛው ሰርቨሮችም ወደ ውጭ መውጣት እንደሚያቅታቸው የሚናገረው ያ የተጋደመ ቀስት ነው።

## ቀስቱ ወዴት ይሁን? ዳታ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄድ የለ?

ይሄዳል። ግን ቀስት በሁለቱም ጫፍ ካደረጋችሁ ምንም አልተናገራችሁም። እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፦ ቀስቱ ግንኙነቱን ከጀመረው ወደ ተጠራው ይጠቁማል። መልሱ በዚያው መንገድ እንደሚመለስ ይታወቃል።

ሎጁ ላይ ይህ ደንብ የጠቀመን ክፍያ ላይ ነው። እንግዳው ክፍሉን ሲይዝ የእኛ ሰርቨር የክፍያ ድርጅቱን ይጠራል፦ ይህ ከአፕሊኬሽን ሰብኔት በናት በኩል የሚወጣ ቀስት ነው። እንግዳው ሲከፍል ደግሞ ድርጅቱ "ተከፍሏል" ብሎ እኛን ይጠራል፦ ይህኛው ከውጭ በኢንተርኔት ጌትዌይ፣ በሎድ ባላንሰር በኩል የሚገባ ነው። ሁለት የተለያዩ ቀስቶች፣ በሁለት የተለያዩ በሮች። ሁለት ጫፍ ባለው አንድ ቀስት ብንሥለው ኖሮ አንዱ ሰው መጥቶ የክፍያው መልስ በናት በኩል ይገባል ብሎ ይገምታል። በናት በኩል ከውጭ ተጀምሮ የሚገባ ነገር የለም።

ድርጅቱ የሚያውቀውን አይፒ ብቻ የሚቀበል ከሆነ የምትሰጡት አይፒ የናት ጌትዌዩን ነው፣ የሰርቨሩን አይደለም። ይህችን አንድ መስመር ከናት አይከን ስር ጻፏት፤ በኋላ ማንም አይጠይቃችሁም።

## አይከኖቹን ከየት ላምጣ? ቀለማቸውን ብቀይርስ?

ኤደብሊውኤስ ራሱ አይከኖቹን በነፃ ያወጣል፣ በፓወርፖይንትም በኤስቪጂም። draw.io ውስጥም አሉ፤ ታች በግራ በኩል ያለውን More Shapes ተጭናችሁ የኤደብሊውኤስን ስብስብ ምልክት ታደርጋላችሁ። እዚያ በተለያየ ዓመት የወጡ ስብስቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጨረሻውን አንዱን ብቻ ምረጡ። ሎድ ባላንሰሩ ከአሮጌው፣ ዳታቤዙ ከአዲሱ ሲሆን አንባቢው ልዩነቱ ትርጉም ያለው ይመስለዋል፤ "ይሄኛው ለምን ሌላ ቅርጽ ሆነ?" ይላል፣ ልክም ነው።

ቀለም አትቀይሩ፣ አታጣሙ፣ አታዙሩ። መጠናቸው አንድ ይሁን፤ እኔ ሁሉንም 48 በ48 አደርጋለሁ። ዳታቤዝ አስፈላጊ ነው ብሎ አይከኑን የሚያተልቅ ሰው አይቻለሁ፣ አይረዳም። ከያንዳንዱ አይከን ስር ሁለት መስመር ይጻፍ፦ በላይ የአገልግሎቱ ስም፣ በታች እናንተ ጋ የሚሠራው ሥራ፣ ለምሳሌ "የማስያዣ ዳታቤዝ"። ስም ብቻ ያለው አይከን ግማሽ ሥራ ነው።

አንድ አይከን አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው። የሰርቨር አይከን አንድ ቦታ አንድን ሰርቨር፣ ሌላ ቦታ ደግሞ "የሆነ ነገር እዚህ አለ" የሚለውን ከወከለ ዲያግራሙ መታመን ያቆማል። ለውጭ ሲስተሞች፣ እንደ ክፍያ ድርጅቱ ላሉት፣ የኤደብሊውኤስ አይከን አትስጡ፤ ግራጫ ሳጥን በስማቸው ይበቃል።

## ቀለም ብቻውን ፐብሊክና ፕራይቬትን ይለያል?

አይለይም። የኤደብሊውኤስ ሳጥኖች ፐብሊኩን በአረንጓዴ፣ ፕራይቬቱን ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ቀለም ያሳያሉ። ስክሪን ላይ ጥሩ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ጥቁርና ነጭ አሳትሙት፤ ሁለቱም ያው ግራጫ ናቸው። ቀለም በደንብ የማይለይ ሰው ደግሞ ሳይታተምም ይቸገራል።

ስለዚህ ልዩነቱን ሦስት ጊዜ ተናገሩ፦ በቀለም፣ በመስመር፣ በጽሑፍ። እኔ ፐብሊኩን ባልተቆራረጠ ቀጭን መስመር፣ ፕራይቬቱን በወፍራም መስመር፣ መውጫ የሌለውን የዳታቤዝ ሰብኔት በድርብ መስመር እሠራለሁ። የተቆራረጠ መስመር አልጠቀምም፣ ምክንያቱም እሱን የኤደብሊውኤስ ስብስብ ለሪጅንና ለዞን ወስዶታል። ከዚያ ሳጥኑ ጥግ ላይ ቃሉ ራሱ ይጻፋል።

## መፍቻው ውስጥ ምን ይግባ?

ሌጀንድ የሚሉት፣ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ካርታ ጥግ ላይ የምናየው መፍቻ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አይከኖቹን በሙሉ እዚያ ሲደረድር ነው። አይከኖቹ ስር ስም አላቸው፤ መድገም አያስፈልግም። መፍቻው የሚያስረዳው በስም ያልተጻፈውን ነው፣ ማለትም መስመሮቹንና ሳጥኖቹን።

የሎጁ መፍቻ ስድስት ነገር ብቻ ነበረው። ሦስቱ የሰብኔት ሳጥኖች፦ "ፐብሊክ፣ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ"፣ "ፕራይቬት፣ በናት ብቻ የሚወጣ"፣ "ፕራይቬት፣ መውጫ የሌለው"። ሦስቱ ቀስቶች፦ ከእንግዳ የሚገባ ጥሪ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥሪ፣ በቪፒሲው ውስጥ የሚቀር ጥሪ። ከስሩ አንድ መስመር፦ "ቀስት ከጠሪ ወደ ተጠሪ ይጠቁማል"። ቀኑና የቀየረው ሰው ስም ከጎኑ።

ሥዕሉ ላይ ያለ የመስመር ዓይነት በሙሉ መፍቻው ላይ መኖር አለበት፤ መፍቻው ላይ ያለውም ሥዕሉ ላይ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳል፣ መፍቻውን ከድሮ ዲያግራም ስለሚገለብጥ። ደግሞ መፍቻውን በእጅ አትሣሉት፤ ከሥዕሉ ላይ ያለውን ቀስት ገልብጣችሁ ለጥፉት። ሲገለበጥ ውፍረቱም ቀለሙም አንድ ይሆናል።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ሲስተሙን የማያውቅ የሥራ ባልደረባ ጠርቼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "ከኢንተርኔት ተነስቶ ዳታቤዙ ጋ ለመድረስ በስንት ነገር ያልፋል?" እኔ አፌን ሳልከፍት ኢንተርኔት ጌትዌይ፣ ሎድ ባላንሰር፣ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ ካለ ጨርሻለሁ። ጣቱ ሎድ ባላንሰሩ ጋ ቆሞ ወደ እኔ ካየ እንደገና።

## ኤስ3 የት ይሁን? ፕራይቬት ነው ወይስ ፐብሊክ?

ከቪፒሲው ውጭ፣ ሪጅኑ ውስጥ። ኤስ3 ሰብኔት ውስጥ አይኖርም። የክፍሎቹ ፎቶ ያለበትን ባኬት ፕራይቬት ሰብኔት ሳጥን ውስጥ መክተት "የተጠበቀ ነው" ለማለት ይመስላል፣ ግን ሐሰት ነው፤ የባኬት ጥበቃ በፈቃድ ደንቡ እንጂ በሰብኔት አይደለም።

ሰርቨሮቹ ኤስ3ን በጌትዌይ ኢንድፖይንት የሚደርሱ ከሆነ ኢንድፖይንቱን ቪፒሲው ጠርዝ ላይ አድርጉትና ቀስቱን በእሱ አሳልፉት። ለኤስ3 ይህ ኢንድፖይንት ራሱ ክፍያ የለውም፣ ፎቶዎቹም በናት አያልፉም። ኢንድፖይንት ከሌለ ቀስቱ በናት በኩል ይዙር። ያ ጠመዝማዛ ቀስት ሥዕሉ ላይ ሲታይ ሰው "ለምን በናት እንከፍልበታለን?" ብሎ ይጠይቃል፣ እኛም ያስተዋልነው በዚያ መንገድ ነው።

## ሴኩሪቲ ግሩፖቹንስ?

እዚሁ ሥዕል ላይ አትሣሏቸው። ሌላ ገጽ ስጧቸው። ግድ ካለ ቀስቱ ላይ ፖርቱን ብቻ ጻፉ፦ 443 ወደ ሎድ ባላንሰሩ፣ 5432 ወደ ዳታቤዙ። ይበቃል።

## አዙር ወይም ጉግል ክላውድ ብጠቀምስ?

የሳጥኖቹ አደራደር ይለያያል። ኤደብሊውኤስ ላይ አንድ ሰብኔት በአንድ ዞን ውስጥ ብቻ ነው። አዙር ላይም ጉግል ላይም ሰብኔት የሪጅን ነው፣ ዞኖችን ያቋርጣል። ጉግል ላይ ደግሞ ቪፒሲው ራሱ ከሪጅን በላይ ነው፣ ስለዚህ የሪጅኑ ሳጥን ቪፒሲው ውስጥ ይገባል። የእኔን ሦስት በሁለት ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጣችሁ አይከን ብቻ ብትቀይሩ የሌለ ሰብኔት ትሥላላችሁ።

## ዲያግራሙ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሲስተሙ ጋር ማስተያየት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። እኔ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ይህችን አሂዳለሁ፦

```
aws ec2 describe-route-tables \
  --region af-south-1 \
  --filters Name=vpc-id,Values=VPC_ID
```

VPC_ID በሚለው ቦታ የእናንተን ታስገባላችሁ። ከሚወጣው ውስጥ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ igw- የሚል ያለባቸው ቴብሎች የትኞቹ እንደሆኑና ከእነሱ ጋር የተያያዙት ሰብኔቶች የትኞቹ እንደሆኑ። እነዚያ ብቻ ናቸው ሥዕሉ ላይ ፐብሊክ የሚሆኑት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰብኔት ከፍታችሁ ከየትኛውም ራውት ቴብል ጋር ካላያያዛችሁት ዝም ብሎ የቪፒሲውን ዋና ቴብል ይጠቀማል። አንድ ሰው ዋናው ቴብል ላይ ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ የሚወስድ መስመር ከጨመረ የተረሱት ሰብኔቶች በሙሉ ፐብሊክ ሆኑ ማለት ነው፣ በትእዛዙ መልስ ውስጥ ደግሞ ስማቸው በዚያ ቴብል ስር አይዘረዘርም። ስለዚህ "Main": true የሚለውን ቴብል መጀመሪያ እዩት። እኛ ዋናውን ቴብል local ብቻ አድርገን እንተወዋለን፤ ስድስቱንም ሰብኔቶች በስም ከየራሳቸው ቴብል ጋር እናያይዛለን።

ፋይሉን ደግሞ ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ አስቀምጡት። የdraw.io የዴስክቶፕ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎም ማስተካከል ይቻላል። ሰው የሚለዋወጠው ፒኤንጂውን ነው፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ Include a copy of my diagram የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ያኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ፒኤንጂው ብቻ ቢገኝም ተከፍቶ ይስተካከላል። እኔ የመጀመሪያውን የሎጁን ዲያግራም ይህን ሳላደርግ ልኬ ነበር፤ ላፕቶፔ ሲበላሽ ከዜሮ ደግሜ ሣልኩት።